ረቂቅ ስትተቹ ምሳሌውን ከተማሪዋ ከራሷ ገጽ አውጡ

የመመረቂያ ጽሑፍ የምታማክሩ፣ ረቂቁን በእርማት ሞልታችሁ ስትልኩ ተማሪዎቻችሁ ድምፃቸውን የሚያጠፉ ከሆነ ይህን ሞክሩ። በኢሜይሉ ዋናውን ችግር ብቻ ሳታለዝቡ ጻፉ፤ ቀጥሎ እዚያው ረቂቅ ውስጥ ያንኑ ነገር በትክክል የሠራችበትን አንድ አንቀጽ ፈልጋችሁ በገጽ ቁጥር ጠቁሙ። ለምሳሌ፦

«ክለሳ ድርሳናቱ በዚህ መልኩ አያልፍም። ማን ምን እንዳለ ይዘረዝራል እንጂ ጥናቶቹን አያነጻጽርም። ገጽ 23 ላይ ግን ሁለቱ ጥናቶች ለምን የተለያየ ውጤት ላይ እንደደረሱ ከናሙና አመራረጣቸው ተነስተሽ አሳይተሻል። ከገጽ 18 እስከ 20 ያለውን በዚያው መንገድ ጽፈሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ ሌላውን ለጊዜው አትንኪው።»

«ጎበዝ ነሽ» የሚለው ሙገሳ «ግን» ሲከተለው ይረሳል። የገጽ ቁጥር ግን ማስረጃ ነው፤ የሚፈለገውን በራሷ ጽሑፍ ታየዋለች፣ ሦስት ገጽም ለመጀመር አያስፈራም። የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ እርማቱን ለመጨረሻው ረቂቅ አቆዩት፤ ነገ ሊሰረዝ የሚችል አንቀጽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ማረም የሁለታችሁንም ጊዜ ይበላል።

ጽሑፉ ከሌላ ሰው የተገለበጠ ከሆነ ወይም የተሰበሰበው መረጃ የጥናቱን ጥያቄ የማይመልስ ከሆነ ግን በኢሜይል አይሆንም፤ ጠርታችሁ ፊት ለፊት ተነጋገሩ።