የቀረው ወንድማችን የቤተሰቡ ፎቶ ውስጥ እንዴት ልክ ሆኖ ቆመ

በቤተሰባችን የምርቃት ፎቶ ላይ ያልነበረውን ወንድሜን ከሌላ ፎቶ ቆርጬ ስጨምረው ጭንቅላቱ ከእህታችን ጋር ሲስተካከል እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከእግሩ ጀመርኩ፤ ጫማውን እሷ በቆመችበት መስመር ላይ አሳረፍኩ። እሷ 1.65 ሜትር ስትሆን ፎቶው ላይ 660 ፒክስል ናት፤ አንዱ ሜትር 400 ፒክስል ማለት ነው። እሱ 1.80 ስለሆነ 720 አደረግኩት። ከኋላ ረድፍ ቢሆን ኖሮ መለኪያው ከዚያ ረድፍ ሰው ይወሰድ ነበር።

ቁመቱ ልክ ሆኖም ወደ ፊት የተደፋ መሰለ። የቤተሰቡ ፎቶ የተነሳው በደረት ከፍታ ነው፤ የእሱ ግን ካሜራው ደረጃ ላይ ሆኖ ከላይ የተነሳ ስለሆነ አናቱና የጫማው ላይኛ ክፍል በሰፊው ይታያሉ። ይህን በመጎተት ማቃናት አይቻልም (ሞክሬዋለሁ፣ እግሩ ብቻ ረዘመ)። ካሜራው በደረቱ ትክክል ሆኖ፣ ቤተሰቡ የተነሳበትን ያህል ርቀት ላይ ቆሞ እንደገና ተነሳ። በዚያው ስሌት ስከተው ገጠመ።