«ተከፍሏል» የተባለ ሐዋላ ቤተሰብ ሳይደርሰው ሲቀር አቤቱታ እንዴት ይቀርባል

ገንዘብ አስተላላፊው ጋር ደውላችሁ «ገንዘቤ የት ደረሰ?» ስትሉ፣ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ የሚያየው እናንተ አፑ ላይ የምታዩትን ያህል ነው። ስለዚህ «እየተጣራ ነው፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይላችኋል። ገንዘቡ የቆመበትን ቦታ ማየት የሚችለው ከእሱ ጀርባ ያለው የምርመራ ክፍል ነው፤ ጉዳያችሁ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ እንደ አቤቱታ ሲመዘገብ ነው።

መጀመሪያ ደረሰኙን አውጡ። ከላኩበት ቀን ይልቅ «ገንዘቡ ለተቀባይ ዝግጁ የሚሆንበት» ተብሎ የተጻፈውን ቀን ፈልጉ። ከአሜሪካ ለሚልክ ሰው ይህ ቀን የሕግ ክብደት አለው። አስተላላፊው ቀኑን ደረሰኙ ላይ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ቀኑ ካለፈና ገንዘቡ ካልደረሰ እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ ስህተቱን ለማሳወቅም ከዚያ ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ቀኑ ገና ካልደረሰ ግን አቤቱታው አያስኬድም፣ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ የመከታተያ ቁጥሩን አስገብታችሁ ሁኔታውን እዩ። «On hold» ወይም ተመሳሳይ ነገር ካለ ኢሜይላችሁን፣ በተለይ የስፓም ሳጥኑን ፈትሹ። ብዙ ጊዜ መታወቂያ ወይም የገቢ ማስረጃ የሚጠይቅ መልእክት ሳይከፈት ተቀምጦ ይገኛል። ማጭበርበርን ወይም ሕገወጥ ገንዘብን ለማጣራት ሲባል ለተፈጠረ መዘግየት የአሜሪካው ሕግ አስተላላፊውን ስለማይጠይቀው፣ እዚህ ላይ ከመከራከር የተጠየቀውን ወረቀት ቶሎ መላክ ይሻላል። «Available for pickup» ካለ ደግሞ ገንዘቡ ወኪሉ ጋር ነው፤ ተቀባዩ ሄዶ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መታወቂያው ላይ ያለው ስም እናንተ ከጻፋችሁት ጋር አለመግጠሙ ነው። ስሙን ማስተካከል የሚችለው ላኪው ብቻ ነው።

አስቸጋሪው «Paid» ወይም «Delivered» ሲል ነው። አስተላላፊው ገንዘቡን ከፍያለሁ ይላል፣ ባንኩ አልደረሰኝም ይላል፣ መሃል ላይ ያለው ቤተሰብ ባዶ እጁን ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ውሸት የሚናገር ይመስላልና። ነገር ግን ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አስተላላፊው አብዛኛውን ጊዜ ለተቀባዩ በቀጥታ አይከፍልም፤ በተቀባዩ አገር ላለ አጋር ባንክ ወይም ድርጅት ያስተላልፋል። አጋሩ «ተቀብያለሁ» ሲል አፑ ላይ «Paid» ይጻፋል። ከአጋሩ እስከ ተቀባዩ የሒሳብ ደብተር ያለው የመጨረሻው እርምጃ ግን ገና ላይፈጸም ይችላል።

የማውቀው ሰው ለእህቱ ሒሳብ 400 ዶላር ልኮ እንዲሁ ገጠመው። በደወለ ቁጥር «ተከፍሏል፣ ባንኩን ይጠይቁ» ይሉታል፤ እህቱ ባንክ ስትሄድ «የገባ ነገር የለም» ትባላለች። በመጨረሻ ስልኩን ትቶ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠየቀ፦ ገንዘቡ ለየትኛው አጋር በየትኛው ቀን ተላለፈ፣ አጋሩ የሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ስንት ነው፣ ገንዘቡ የተላከበት ሒሳብ የመጨረሻ አራት አሃዞች ስንት ናቸው። መልሱ ሲመጣ የሒሳብ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም አለ። እህቱ ያንን ቁጥር ይዛ ቅርንጫፉን ሳይሆን የባንኩን የውጭ ሐዋላ ክፍል ጠየቀች። ገንዘቡ ባንኩ ውስጥ ነበር። ሒሳቡ የተከፈተው Tsehay በሚል፣ ሐዋላው የተላከው ደግሞ Tsehai በሚል ስለነበር ሒሳቧ ውስጥ ሳይገባ በእንጥልጥል ተይዟል። አስተላላፊው የስም ማስተካከያ ሲልክ ተለቀቀላት። የቅርንጫፉ ገንዘብ ከፋይ ኮምፒውተሩ ላይ ያላየው የእሷን ሒሳብ ብቻ ስለከፈተ ነው፤ ያለ ማረጋገጫ ቁጥሩ ሌላ ሊፈልግበት የሚችል ነገር አልነበረውም።

በጥሬ የሚከፈል ሐዋላ ከሆነ ጥያቄው ይለያል፦ የከፈለው ወኪል ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ከፈለ፣ የታየው መታወቂያ ዓይነት ምንድን ነው፣ የተፈረመበት ወረቀት የታለ። ፊርማው የተቀባዩ ካልሆነ ገንዘቡ ለሌላ ሰው ተከፍሏል ማለት ነው፤ ጉዳዩም መዘግየት መሆኑ ይቀራል።

አቤቱታውን በኢሜይል ወይም በድርጅቱ የቅሬታ ቅጽ ላኩ። በስልክ ማሳወቅም በአሜሪካ ሕግ ይቆጠራል፣ ግን ያሳወቃችሁበትን ቀን የምታስረዱበት ነገር እጃችሁ ላይ አይቀርም። የግድ ከደወላችሁ የጉዳይ ቁጥር ሳትቀበሉ አትዝጉ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፣ ምሬትም አያስፈልገውም፤ ይህን ያህል ይበቃል፦

«ስሜ … ስልኬ …። በመከታተያ ቁጥር … 400 ዶላር ለ… ልኬያለሁ። በደረሰኙ መሠረት ገንዘቡ … ቀን መድረስ ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልደረሰም። ይህ የስህተት ማሳወቂያ ነው። ምርመራ እንዲደረግ፣ የክፍያ ማረጋገጫው እንዲላክልኝና ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

«ይህ የስህተት ማሳወቂያ ነው» የሚለውን አትተዉ። ተራ ጥያቄ ተብሎ እንዳይዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ደረሰኙን፣ «Paid» የሚለውን ስክሪንሾት፣ ተቀባዩም ከባንክ መግለጫ ማውጣት ከቻለ እሱን አያይዙ።

አደራ፣ የመከታተያ ቁጥራችሁን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ። በድርጅቱ ገጽ ሥር ቅሬታ የጻፈን ሰው «የደንበኞች አገልግሎት ነን» እያሉ በውስጥ መስመር የሚያናግሩ ሌቦች አሉ። ያልተወሰደ ሐዋላ ከሆነ ቁጥሩና የተቀባዩ ስም በእጃቸው ከገባ ሐሰተኛ መታወቂያ ብቻ ነው የሚቀራቸው። የድርጅቱን ስልክም በፍለጋ ከመጣላችሁ ሳይሆን ከደረሰኙ ላይ ውሰዱ።

ከዚያ ቀን መቁጠር ነው። በአሜሪካ አስተላላፊው ምርመራውን በ90 ቀን ውስጥ ጨርሶ፣ በጨረሰ በ3 የሥራ ቀን ውጤቱን መንገር አለበት። ስህተት የለም ካለ የተመሠረተበትን ሰነድ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ጠይቁ። ካልመለሱ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ደረሰኙ ላይ የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪና CFPB የተባለው የፌዴራሉ የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አድራሻ ተጽፏል፤ ለእነሱ ማመልከት በነጻ ነው። በብሪታንያ ድርጅቱ በ15 የሥራ ቀን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለው ቢበዛ በ35 የሥራ ቀን መመለስ አለበት፤ የመጨረሻ መልሱን ከሰጠ በኋላ የደንበኞችን ቅሬታ ወደሚዳኘው ገለልተኛ አካል፣ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን፣ ለመሄድ 6 ወር አላችሁ።

ስህተቱ ከተረጋገጠ በአሜሪካ ምርጫው የላኪው ነው፦ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለተቀባዩ ይድረስ። ጥፋቱ የእናንተ መረጃ ካልሆነ የላካችሁበት የአገልግሎት ክፍያም ይመለሳል፤ ዋናውን መልሰው ክፍያውን ዝም የሚሉ ስላሉ ለይታችሁ ጠይቁ። የሒሳብ ቁጥሩን አሳስታችሁ የሰጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን መብታችሁ በጣም ይጠባል። ድጋሚ ይላክ ከማለታችሁ በፊት ተቀባዩ የባንክ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፤ ስሙንም ቁጥሩንም ከዚያ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ።