ኮል ሺት እያለ ቀረጻ ለምን ይዘገያል? ከደሴ ወደ ሐይቅ ለሚወጣ ቡድን ችግርና መፍትሄ

ኮል ሺት ለነገው ቀረጻ ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ እንደሚገኝ የሚናገር አንድ ወይም ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ ያዘጋጀዋል፣ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ አይቶ ያጸድቀዋል፣ ከዋዜማው ማታ በፊት ለሁሉም ይደርሳል። ከታች ያሉት ችግሮች ወረቀቱ ተሠርቶም የሚከሰቱ ናቸው። ምሳሌያችን አንድ ነው፦ ደሴ ያደረ ቡድን ሐሙስ ኅዳር 26 ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ሐይቁ ዳር ሦስት ትዕይንት ይቀርጻል። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጭነት መኪና 50 ደቂቃ ይያዝለት።

ምልክት፦ ሁሉም በሰዓቱ መጥቷል፣ የመጀመሪያው ሾት ግን ሁለት ሰዓት ዘገየ

ወረቀቱ ላይ «ጥሪ፦ ጠዋት 12:00» ከሚል አንድ መስመር በቀር የለም። ሃያ ሰው እኩል ይደርስና አሥራ አምስቱ ሜካፕ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። መንስኤው ሰዓቱ ከፊት ወደ ኋላ መቆጠሩ ነው፤ «12 ላይ ከተገናኘን 2 ላይ እንጀምራለን» የሚል ግምት። ረዳት ዳይሬክተር የሚቆጥረው ከኋላ ነው፤ መነሻው የመጀመሪያው ሾት ነው።

የመጀመሪያው ሾት ጠዋት 2:00 ይሁን። ካሜራና መብራት ለመትከል 40 ደቂቃ ሲቀነስ 1:20 ይሆናል። ከዚያ በፊት ዳይሬክተሩ፣ ካሜራማኑና ተዋንያኑ ቦታው ላይ ቆመው እንቅስቃሴውን የሚለማመዱበት 20 ደቂቃ አለ፤ 1:00። ዕቃ ማውረጃ 20 ደቂቃ፤ መኪናው 12:40 መድረስ አለበት። ጉዞው ሲቀነስ ከደሴ መነሻው ሌሊት 11:50 ነው፤ ለመጫኛ 20 ደቂቃ ሲጨመርበት የካሜራ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች ጥሪ 11:30 ሆነ።

ዋና ተዋናይቷ ለሜካፕና ለልብስ 50 ደቂቃ የምትፈልግ ከሆነ ግን ከእነሱ ጋር መምጣት አይበቃትም። 1:00 ላይ ለልምምዱ ዝግጁ እንድትሆን ሜካፑ 12:10 መጀመር አለበት፤ ስለዚህ እሷና የሜካፕ ባለሙያዋ በትንሽ መኪና 11:15 ከደሴ ይነሳሉ። የአጎቷን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው አንጋፋ ተዋናይ ከምሳ በፊት ሥራ የለውም። እሱን 11:30 መቀስቀስ ግፍ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሲደክምም ትወናው ላይ ይታያል። ጥሪው ጠዋት 4:00 ይሁንና ምሳ ይዞ የሚመጣው መኪና ያምጣው።

በወረቀቱ የተዋንያን ሰንጠረዥ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሰዓት የሚጻፈው ለዚህ ነው፦ መኪና የሚያነሳበት፣ ሜካፕ የሚገባበት፣ ልብስ የሚለብስበትና ካሜራ ፊት የሚቆምበት። መኪናው ሰው ከደሴ ሰፈሮች፣ ከፒያሳም ከቧንቧ ውሃም የሚሰበስብ ከሆነ ለየፌርማታው የተለየ ደቂቃ ይጻፋል። «ከደሴ 11:15» ብቻ ከተባለ የመጨረሻዋ ተነሺ 11:15 ላይ ገና ቤቷ በር ላይ ትሆናለች።

ምልክት፦ አንድ ሰው በአንድ ቀን ተሳስቶ ቀረ፣ ሌላው በስድስት ሰዓት ተሳሳተ

ሰነፍ ሰው አይደለም የቀረው፤ ወረቀቱ ነው ያሳሳተው። «ሐሙስ ኅዳር 26፣ ሌሊት 11:30» የሚለውን ግማሹ ሐሙስ ከመንጋቱ በፊት ብሎ ያነባል። ሌላው ደግሞ ሐሙስ ውሎ የሚመጣውን ሌሊት ይረዳል፤ እንደ አገራችን አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ ተሳስቷል ሊባል አይችልም። መድኃኒቱ ሁሉም የሚያውቀው አነጋገር ነው፦ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሌሊት 11:30»። ከንጋት በፊት ያለ ጥሪ ሁሉ «አጥቢያ» ሳይባል አይጻፍ።

የስድስት ሰዓቱ ስህተት የሚመጣው ከስልክ ነው። የአየር ሁኔታ መተግበሪያው ፀሐይ 17:57 ትጠልቃለች ይላል፣ ሌላው መስመር ደግሞ በእኛ ሰዓት ተጽፏል፤ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ተቀላቀለ። በወረቀቱ ራስ ላይ «ሰዓቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ፣ ከስልክ የተገኘውም ተቀይሮ ይግባ፦ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ጠዋት 12:27 ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 11:57 ገደማ ትጠልቃለች። ከእያንዳንዱ ሰዓት ፊት «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» ይኑር። ቡድኑ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ካለ ሁለተኛ ዓምድ ይከፈትለታል እንጂ በቅንፍ አይሸጎጥም። ቀኑ ሲጻፍ የሳምንቱ ቀን ስም አብሮ ይውጣ፤ ቁጥሩ ቢሳሳት ስሙ ያጋልጠዋል።

ምልክት፦ መሸ፣ የመጨረሻው ትዕይንት አልተነካም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የትዕይንት ብዛት መቆጠሩ፣ ሥራው ግን አለመቆጠሩ ነው። «ሦስት ትዕይንት ብቻ ነው» የሚለው ቃል ምንም አይነግርም። የስክሪፕት ገጽ በስምንት ይከፈላል፣ የየትዕይንቱ ርዝመት በስምንተኛ ይጻፋል። በምሳሌያችን ትዕይንት 14 አንድ ገጽ ከ4/8፣ ትዕይንት 15 6/8፣ ትዕይንት 22 አንድ ገጽ ከ7/8 ናቸው፤ ድምሩ 4 ገጽ ከ1/8። ገጹ ግን ብቻውን አይበቃም። ግማሽ ገጽ የማትሞላ የጀልባ ትዕይንት ከሁለት ገጽ ንግግር የበለጠ ጊዜ ልትበላ ትችላለች። ስለዚህ ካሜራው ስንት ጊዜ ቦታ እንደሚቀይር ከካሜራማኑ ጋር ይቆጠር፦ 7፣ 3 እና 6። ለአንዱ በአማካይ 25 ደቂቃ ይያዝ።

ጠዋት 2:00 የተጀመረው ትዕይንት 14 በ175 ደቂቃ 4:55 ላይ ያልቃል። ሻይ 10 ደቂቃ፣ ለሚቀጥለው ቦታ ዕቃ ማዛወሪያ 25 ደቂቃ፤ 5:30 ምሳ። ከጥሪው ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ከዚያ በላይ ሰው ሳይበላ አይሥራ። ምሳ 6:15 ያበቃል፣ ትዕይንት 15 7:30 ያልቃል፣ 20 ደቂቃ ማዛወሪያ፣ ትዕይንት 22 ከ7:50 እስከ 10:20። ዕቃው 10:50 ተጭኖ ቡድኑ 11:40 ደሴ ይገባል። በማግስቱም ጥሪው 11:30 ቢሆን የ12 ሰዓት ያህል ዕረፍት አለ።

ወረቀቱ ላይ ከ10:20 እስከ ፀሐይ መጥለቂያ አንድ ሰዓት ተኩል የተረፈ ይመስላል። አትመኑት። ሐይቁን ተራራ ከቦታል፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ከጋራ ጀርባ ትገባለች። ቦታው አስቀድሞ ሲጎበኝ ጥላው ስንት ሰዓት ላይ ዳርቻውን እንደሚሸፍን ይመዝገብና ኮል ሺቱ ላይ «የመጨረሻ ብርሃን» ተብሎ ያ ሰዓት ይጻፍ፤ ከመተግበሪያው የፀሐይ መጥለቂያ ሰዓት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ወረቀቱ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ጠዋት ነው። ረዳት ዳይሬክተሩ ከእያንዳንዱ ዕቅድ አጠገብ የሆነውን ሰዓት በእስክሪብቶ ይጽፋል። የመጀመሪያው ሾት 2:00 ሳይሆን 2:40 ከሆነና 4:00 ላይ ሁለት የካሜራ ቦታ ብቻ ካለቀ፣ አንዱ 40 ደቂቃ እየፈጀ ነው ማለት ነው። የቀሩት አምስቱ በዚህ ፍጥነት 200 ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ ትዕይንቱ 7:20 ላይ ሊያልቅ ነው። ለዳይሬክተሩ ይህ የሚነገረው ያኔ፣ 4:00 ላይ ነው እንጂ 10:00 ላይ አይደለም። «ፍጠን» ማለት ጥቅም የለውም። ምርጫ ይቅረብለት፦ «ከአምስቱ ሁለቱን በአንድ ሾት እናጠቃልል ወይስ ትዕይንት 15ን ወደ ነገ እናዛውር?» የትኛው ሊዛወር እንደሚችል የሚታወቀው ከኮል ሺቱ ግርጌ ካለው የነገ መርሐ ግብር ነው። ሐይቁ ዳር ነገም የምንመለስ ከሆነ 15 ይቆያል፤ የአጎቱ ተዋናይ ግን ነገ ከሌለ ትዕይንት 22 ዛሬ የግድ ነው፣ ከምሳ በኋላም እሱ ይቅደም።

ምልክት፦ ንግግሩ ጥሩ ነበር፣ ድምፁ ግን አዛን ገብቶበታል

ወሎ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሳይሰማ የሚቀረጽበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል፣ መፈለግም አያስፈልግም። የቀትሩ አዛን በዚያ ሰሞን 6:15 አካባቢ ነው፤ ምሳው ሲያበቃ ስለሆነ ለትዕይንት 15 ካሜራ ሲተከል ያልፋል። የከሰዓቱ አዛን ከትዕይንት 22 ጋር ስለሚገጥም ለዚያች ሩብ ሰዓት ንግግር የሌለበት ሾት ይመደብ። በወረቀቱ «የድምፅ ማስታወሻ» መስመር ላይ የአካባቢው መስጊድ ሰዓት ተጠይቆ ይጻፍ፣ የቅዳሴ ቀን ከሆነም ጠዋቱ እንደዚሁ። ቀኑ ዓርብ ቢሆን ኖሮ ምሳው ራሱ ወደ 6:15 ተገፍቶ ለጁምዓ በሚበቃ መጠን ይረዝም፣ ለዚህም 12:40 ላይ ጠንከር ያለ ቁርስ ይሰጥ ነበር።

የምሳው መስመር «ምሳ ለ24 ሰው» ከተባለ ጸብ ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገብቷል፣ ኅዳር 26 ብዙው ክርስቲያን ጿሚ ነው፤ ሙስሊሙ ደግሞ የሚበላው የሙስሊም እርድ ነው። «ጾም 13፣ ሥጋ በሙስሊም እርድ 11» ተብሎ በቁጥር ይታዘዝ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ወረቀቱ ላይ አትፍቱት፤ ጿሚውን ጠይቁ።

ምልክት፦ ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ወረቀት ይዟል

ማታ 2:00 ላይ ሰዓት ተቀየረ፣ አዲሱ ፋይል ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ፣ አሮጌው አልጠፋም። ሾፌሩ የወረደለትን የመጀመሪያውን ይዞ ተኝቷል። የፋይሉ ስም ላይ ቀንና የእትም ቁጥር ይግባ፣ አሮጌው ከግሩፑ ይሰረዝ፣ አዲሱ ፒን ይደረግ፣ የተቀየረው መስመር ቀለም ይቀባ። ከዚያ ለውጡ የሚነካቸው ሰዎች በስልክ ይደወልላቸው፤ መልእክቱ ታየ ማለት ተነበበ ማለት አይደለም። ሾፌሮች ሁልጊዜ የሚደወልላቸው ናቸው፣ ለውጥ ባይኖርም።

ምልክት፦ ቦታው ላይ ደርሰን በር ተዘጋብን

የቦታው መስመር ላይ ስም ብቻ ነበረ። ከስሙ ጋር የፈቃድ ደብዳቤው በማን እጅ እንዳለ፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ጄኔሬተር የት እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት ስለማይገባበት፣ ቀረጻው ወደዚያ ከዘለቀ የትኛው ሥራ በወንድ ባለሙያ እንደሚሸፈን ከዋዜማው ይለይ። ባቲ ላይ የሚቀረጽ ሰው ሰኞ የገበያ ቀን መሆኑን ይወቅ፤ ሰዉን ለሚፈልግ ሲሳይ ነው፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን ቀን ይቀየር። በዚሁ ሣጥን የቅርቡ ጤና ተቋም ስልክ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ ከመላኩ በፊትም ቁጥሩ ተደውሎ ይሞከር። ከሐይቅ ዳር ደሴ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል 50 ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ አንድ መኪና ቁልፉ ተሰክቶ፣ ዕቃ ሳይጫንበት ቀኑን ሙሉ ይቆማል፤ የሾፌሩም ስም ከሆስፒታሉ ስልክ ቀጥሎ ይጻፋል።