ድሮውዳውን 3 በመቶ ብቻ? ስትራቴጂን ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ልጅ የትሬዲንግ ስትራቴጂውን ውጤት ይዞልኝ መጣ። የ14 ወር መዝገብ ነው። ከመቶ ትሬድ ዘጠና ስድስቱ አትርፈዋል። በየወሩ በአማካይ 4 በመቶ ያስገባል። ትልቁ ድሮውዳውን፣ ማለትም ሂሳቡ ከደረሰበት ከፍታ እስከ ዝቅታው ድረስ የወረደበት ትልቁ መጠን፣ 3 በመቶ ብቻ ይላል። ግራፉ ደረጃ ነው የሚመስለው። ወደ ላይ ብቻ ይወጣል።

«ጋሼ፣ ገንዘብ ልጨምርበት ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» አለኝ።

«ይሄ መስመር ባላንስህ ነው ወይስ ኢኩዊቲህ?» አልኩት።

ልዩነቱን አያውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ መዝገብ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው አይደለም።

ባላንስ ላይ ድሮውዳውን መለካት

ባላንስ የሚቆጥረው የተዘጉ ትሬዶችን ብቻ ነው። ኢኩዊቲ ግን ገና ክፍት የሆኑትን ትሬዶች ትርፍና ኪሳራም ይጨምራል። አሁን በዚህች ደቂቃ ሁሉንም ብትዘጉ በእጃችሁ የሚቀረው ኢኩዊቲው ነው።

የልጁ ስትራቴጂ ሲያተርፍ ቶሎ ይዘጋል። ሲከስር ግን አይዘጋም። ዋጋው በተቃራኒ በሄደ ቁጥር ሌላ ትሬድ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ዋጋው እስኪመለስ ይጠብቃል። ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ላይ በትርፍ ይዘጋል። ስለዚህ የተዘጋ ኪሳራ የለም ማለት ይቻላል። ባላንሱም አይወርድም። ኪሳራው ግን ነበር፤ መዝገቡ ላይ አልተጻፈም እንጂ።

የየቀኑን ኢኩዊቲ አውጣ አልኩት። አወጣው። በስምንተኛው ወር አንድ ቀን ላይ ባላንሱ 20,000 ዶላር ነው። በዚያው ቀን ዘጠኝ ክፍት ትሬዶች ነበሩት፣ አንድ ላይ 7,600 ዶላር ከስረው። ኢኩዊቲው 12,400 ነበር ማለት ነው። 3 በመቶ የተባለው ድሮውዳውን 38 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

በጣም የሚያናድደኝ ደግሞ ስህተቱ ድሮውዳውኑ ላይ አለመቆሙ ነው። ሁሉንም መለኪያ ያበላሻል። ሻርፕ ሬሾውን ከተዘጉ ትሬዶች ሲያሰላው ከ12 በላይ ወጥቶለት ነበር። ሻርፕ ሬሾ ከባንክ ወለድ በላይ ያገኛችሁትን ትርፍ ለትርፉ መዋዠቅ የሚያካፍል ቁጥር ነው። ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረቡት ነው። ኪሳራው ካልተመዘገበ መዋዠቁ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፣ ለትንሽ ቁጥር ሲካፈል ደግሞ መልሱ ሰማይ ይነካል። በወር ጥቂት ትሬድ የሚሠራ ሰው ሻርፑ 3 አለፈ ሲለኝ እንኳን አልደሰትም፤ ስሌቱን አሳየኝ ነው የምለው። 12 ሲሆን ማየትም አያስፈልግም።

እባካችሁ፣ ማንም ሰው ውጤቱን ሲያሳያችሁ መጀመሪያ ባላንስ ነው ወይስ ኢኩዊቲ ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ከመነሻው መቁጠር

ሂሳቡ በ10,000 ጀመረ፣ 12,000 ደረሰ፣ ወደ 9,600 ወረደ፣ ከዚያ 12,600 ሆነ እንበል። ብዙ ጀማሪ «የከሰርኩት 4 በመቶ ነው» ይላል፣ ከ10,000 ስለሚቆጥር። ድሮውዳውን የሚቆጠረው ግን ከከፍታው ነው። ከ12,000 ወደ 9,600 ሲወረድ 20 በመቶ ነው። የነበረበት ለመመለስ ደግሞ 25 በመቶ ማትረፍ ይጠይቃል። 50 በመቶ ከወረደ 100 በመቶ ያስፈልገዋል።

በፓይተን ሦስት መስመር ነው። `equity` የየቀኑን ኢኩዊቲ የያዘ የpandas Series ነው፦

```python
peak = equity.cummax()
dd = equity / peak - 1
print(dd.min())
```

የየቀኑ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ያለው ምሳሌ በወር መጨረሻ ብቻ የተመዘገበ ነው እንበል። በወሩ መሀል ሂሳቡ 12,500 ነክቶ፣ በሌላ ወር መሀል 9,000 ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያኔ እውነተኛው ድሮውዳውን 28 በመቶ ነው። ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ግን 20 ሆኖ ይቀመጣል።

ጥልቀቱን ብቻ አይታችሁ ጊዜውንም አትርሱ። የአሜሪካው የአክሲዮን ኢንዴክስ ናስዳክ ኮምፖዚት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ከነበረበት ከፍታ እስከ ጥቅምት 2002 ድረስ 78 በመቶ ገደማ ወረደ። የድሮውን ከፍታ በመዝጊያ ዋጋ ያለፈው በ2015 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! «በመጨረሻ ተመለሰ» የሚለው ቃል ውስጥ ይህ ሁሉ ጊዜ አለ።

ያለፈውን ድሮውዳውን እንደ ጣሪያ ማየት

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፣ በራሴ ገንዘብ።

ባክቴስቱ ላይ፣ ማለትም ስትራቴጂውን ባለፈ የዋጋ ታሪክ ላይ ስሞክረው፣ ትልቁ ድሮውዳውን 14 በመቶ ነበር። 15ን እችላለሁ ብዬ የትሬዶቹን መጠን በዚያ ልክ አደረግኩ። በእውነተኛ ገንዘብ በገባሁ በስምንተኛው ወር ሂሳቤ 21 በመቶ ወረደ። ስትራቴጂው ተበላሽቷል ብዬ አቆምኩት። ካቆምኩት በኋላ ባሉት ወራት ደንቡ ሳይለወጥ ኪሳራውን ሁሉ መለሰ። እኔ ግን አልነበርኩበትም።

ማወቅ የነበረብኝ ይህ ነው። የባክቴስቱ 14 በመቶ የተገኘው ትሬዶቹ በአጋጣሚ በአንድ ቅደም ተከተል ስለመጡ ነው። እነዚያው ትሬዶች በሌላ ቅደም ተከተል ቢመጡ የመጨረሻው ትርፍ አይለወጥም፤ ድሮውዳውኑ ግን ይለወጣል። ሦስት ኪሳራዎች ተለያይተው ሲመጡ ብዙም አይሰሙም። ተከታትለው ሲመጡ ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ኋላ ላይ የባክቴስቱን 200 ትሬዶች በመቶኛ አስቀምጬ በዘፈቀደ 1,000 ጊዜ በወዝኳቸው። በእያንዳንዱ ብወዛ ትልቁን ድሮውዳውን መዘገብኩ። ከመቶው ዘጠና አምስቱ ከ24 በመቶ በታች ነበሩ። ስለዚህ 21 በመቶ መውረድ የብልሽት ምልክት አልነበረም፣ ከዚያው ስትራቴጂ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ይህን ቀድሜ ባውቅ የትሬዶቹን መጠን በግማሽ ያህል እቀንስ ነበር፣ መሀል ላይም አላቋርጥም ነበር።

ይህ ዘዴ ግን ድክመት አለው። መበወዝ ኪሳራዎችን እርስ በርስ ያለያያል። በእውነተኛ ገበያ ደግሞ መጥፎ ቀናት አብረው መምጣት ይወዳሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ከመበወዝ ይልቅ ተከታታይ የሆኑ ሃያ ሃያ ትሬዶችን እንደ አንድ ጥቅል አድርጎ መበወዝ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር፦ የሁለት ዓመት መዝገብን ድሮውዳውን ከአሥር ዓመት መዝገብ ድሮውዳውን ጋር አታወዳድሩ። መዝገቡ በረዘመ ቁጥር ትልቁ ድሮውዳውን ባለበት ይቆያል ወይም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ትርፍን ብቻ ማወዳደር

አንዱ ስትራቴጂ በዓመት 30 በመቶ ያተርፋል፣ መዋዠቁ 30 በመቶ፣ ትልቁ ድሮውዳውኑ 45 በመቶ ነው። ሌላው 14 በመቶ ያተርፋል፣ መዋዠቁ 8፣ ድሮውዳውኑ 12 ነው። የባንክ ወለድ 4 በመቶ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሻርፕ 26 ለ30 ሲካፈል 0.87 ነው። የሁለተኛው 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ነው። ዓመታዊ ትርፉን ለትልቁ ድሮውዳውን ስናካፍል፣ ካልማር ሬሾ የሚባለው ማለት ነው፣ 0.67 እና 1.17 ይወጣል።

«እሺ፣ ግን ሬሾ አይበላም፣ 30 በመቶው ይሻለኛል» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። መልሱ ይህ ነው። ሁለተኛውን በ4 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ እጥፍ ብታደርጉት 24 በመቶ ያተርፋል፣ ድሮውዳውኑም ከ24 በመቶ ትንሽ አለፍ ይላል። 30 በመቶ ለማግኘት በ45 ከመውረድ ጋር አስተያዩት። ሬሾው የሚነግራችሁ ስጋቱን እኩል ብታደርጉ የቱ የበለጠ እንደሚከፍል ነው።

ሻርፕን ብቻ ማመን

ሻርፕ የሚያየው መዋዠቅን ነው። ለረጅም ጊዜ ትንሽ ትንሽ እያተረፈ አንድ ቀን ሁሉንም የሚያጣ ስትራቴጂ፣ ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ ሻርፑ የሚያስቀና ነው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2018 የሆነውን ተመልከቱ። XIV የሚባል የገበያው መዋዠቅ ሲቀንስ የሚያተርፍ ምርት ነበር። በ2017 ዋጋው ከእጥፍ በላይ አድጎ ነበር። በዚያ ሰኞ የመዋዠቅ መለኪያው VIX ከ17 ተነስቶ 37 ላይ ዘጋ። ምርቱ በአንድ ቀን ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ አጣ፣ በዚያው ወርም ተዘጋ። የ2017ን የየቀን ውጤት ብቻ ይዞ ሻርፕ ያሰላ ሰው ይህን የሚያይበት ቀዳዳ አልነበረውም።

ሶርቲኖ ሬሾ ወደ ላይ የሚደረገውን መዋዠቅ ስለማይቀጣ ለአንዳንዶች የተሻለ ነው። ለዚህኛው ችግር ግን መድኃኒት አይደለም፤ ገና ያልመጣውን ኪሳራ እሱም አያየውም።

የወሩን ሻርፕ ወደ ዓመት ስትቀይሩ የምታበዙት በ12 ሳይሆን በ√12 ነው። የቀኑን ደግሞ በ√252።

ወደ ልጁ ልመለስ

በትክክለኛው ኢኩዊቲ እንደገና አሰላው። በወር 4 በመቶ ሲደራረብ በዓመት 60 ገደማ ነው። ለ38 ሲካፈል ካልማሩ 1.6 ወጣ። ፊቱ በራ። «ይሄኮ አሁንም ጥሩ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው።

ግን ያ 38 በመቶ 38 ላይ የቆመው ስትራቴጂው ስላቆመው አይደለም። ዋጋው ስለተመለሰ ነው። ኪሳራውን የሚዘጋ ምንም ደንብ የለውም። እንዲህ ላለ ስትራቴጂ ያለፈው ድሮውዳውን የሚነግረን ገበያው እስካሁን ምን ያህል እንደራራለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ስሌት ሰጠሁት። ዘጠኙ ትሬዶች ክፍት በነበሩበት ቀን ዋጋው በዚያው አቅጣጫ ስንት ቢቀጥል አካውንቱ በግድ ይዘጋ ነበር?

1.5 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኘው። ከዚያ የአምስት ዓመት የዋጋ ታሪክ ከፍቶ፣ ዋጋው ሳይመለስ ያን ያህል የሄደበትን ጊዜ መቁጠር ጀመረ። አራት ጊዜ ነበር። አራቱም ስትራቴጂውን ከመጀመሩ በፊት።