የበርበሬ ችግኝ ከሥሩ ቀጥኖ ሲወድቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ችግኝ ጠዋት ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ተጋድሞ ከተገኘ፣ ነቅላችሁ ግንዱ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ተመልከቱ። ውሃ የቋጠረ፣ የጠቆረና እንደ ክር የቀጠነ ከሆነ ፒቲየም ወይም ራይዞክቶኒያ የሚባሉት የአፈር ውስጥ ተህዋስያን አበስብሰውታል። ግንዱ ተቆርጦ ከወደቀ ግን ቆራጭ ትል ነው፤ አጠገቡ ያለውን አፈር ብትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ።

በጎንደር ዙሪያ ደጋግሜ የማገኘው መንስኤ በጊዜው ያልተነሳ ጉዝጓዝ ነው። ዘሩ እስኪበቅል መደቡን ሣር ማልበስ ተገቢ ነው፤ ቡቃያው ብቅ ማለት ሲጀምር ግን መነሳት አለበት። ማክሰኚት አካባቢ ያየሁት መደብ ፀሐይ እንዳይመታው ተብሎ ሣሩ ሳይነሳ ሰንብቷል። ዘሩ በእፍኝ ተበትኖ ችግኙ ተፋፍጓል፤ መደቡም በየማታው ውሃ ይጠጣል። መጀመሪያ የወደቁት ውሃ በሚተኛበት የመደቡ ጥግ የነበሩ ጥቂት ችግኞች ናቸው። ከዚያ ባዶው ቦታ ክብ ሠርቶ በየቀኑ ሰፋ። ባለቤቱ የደረቁ መስሏቸው ውሃ ጨመሩ፤ በሽታው የሚፈልገውም ይህንኑ ነበር። እባካችሁ፣ ችግኝ ወደቀ ብላችሁ ውሃ አትጨምሩ!

የወደቀውን የሚያነሳ መድኃኒት የለም፤ አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ። የቀረውን ለማትረፍ ሣሩን አንሱ፣ የተፋፈገውን አሳሱ፣ የታመመውን ዙሪያውን ካለው አፈር ጋር ዝቃችሁ ከማሳው አርቁ። የላይኛው አፈር እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ። ከክቡ ጠርዝ ላይ ያለው ችግኝ ጤናማ ቢመስልም ወደ ማሳ አታዛውሩት።

ለሚቀጥለው መደቡን ቀይሩ። በርበሬ፣ ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበትን አትምረጡ። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ለምትዘሩት ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ አፈሩን በፀሐይ አክሙት። መደቡን አለስልሳችሁ ውሃ አጠጡት፤ በስስ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ጠርዙን በአፈር ቅበሩ፤ ለስድስት ሳምንት አትክፈቱት። ጥቁር ፕላስቲክ አፈሩን በዚያ መጠን አያሞቀውም። ከከፈታችሁ በኋላ በጥልቀት አትቆፍሩ፤ ሙቀቱ ያልደረሰውን አፈር ወደ ላይ ታወጡታላችሁ።

መደቡ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ያልበሰለ ፍግ ፈጽሞ አትጨምሩ። ዘሩን በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተሰመረ መስመር፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር ሳይጠልቅ አሳስታችሁ ዝሩ። ውሃ ጠዋት ብቻ ስጡ፤ ከሰዓት በኋላ የአፈሩ ገጽ ደርቆ መታየት አለበት። በጣታችሁ ስትነኩት ከሥሩ እርጥብ ከሆነ በማግስቱም ማጠጣት አያስፈልግም።