በሙቀት ስንሮጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት የቀዝቃዛ ቀን ፍጥነትን ይዞ በሙቀት መውጣት ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት አንዱን ኪሎሜትር በ6 ደቂቃ የሚሮጥ፣ የልብ ምቱም 150 አካባቢ የሆነ ሰው እንውሰድ። ይኸው ሰው በ32 ዲግሪ በዚያው ፍጥነት ቢወጣ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቱ 168 ሊያሳየው ይችላል። አቅሙ ወርዶ አይደለም። ደሙ ጡንቻንም ቆዳንም ማዳረስ አለበት፤ በላብ ምክንያት ደግሞ የደሙ መጠን ራሱ ይቀንሳል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ሲያንስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። መፍትሔው ፍጥነቱን ትቶ የልብ ምቱን መከተል ነው። ምቱን 150 ላይ ለማቆየት አንዱን ኪሎሜትር በ6 ደቂቃ ከ40 መሮጥ ካስፈለገ፣ የዕለቱ ልክ እሱ ነው። ሰዓት ከሌላችሁ እየሮጣችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። ሰውነት ሙቀትን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይፈልጋል። አየሩ እርጥበት ካለው ደግሞ ላብ ስለማይተን የበለጠ መቀነስ ግድ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ውሃን በግምት መጠጣት ነው። ሚዛን ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ከሩጫ በፊት 70 ኪሎ ነበራችሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላባችሁን ጠርጋችሁ ስትመዘኑ 69 ሆናችሁ። መንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ጠጥታችኋል። የወጣው ላብ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው ማለት ነው። ሁሉንም እየሮጣችሁ ለመተካት አትታገሉ፤ ሆድ አይችለውም። በየ15 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ ጠጡ፣ ቀሪውን በኋላ ከምግብ ጋር ተኩት። ከሩጫ ስትመለሱ ክብደታችሁ ከጨመረ ግን ከልክ በላይ ጠጥታችኋል። በደም ውስጥ ያለው ጨው ሲቀጥን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሰዉ ደግሞ ውሃ ጠማው ብሎ ሌላ ውሃ ያቀርባል!

ሦስተኛው ምልክቱን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ነው። አንድ ጓደኛዬ በሙቀት እየሮጠ ድንገት ዝም አለ። ፊቱ ገረጣ፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ክንዱን ስነካው ግን ቀዝቃዛ ነበር። «ትንሽ አዞረኝ፣ እንጨርሰው» አለኝ። አልጨረስነውም። ጥላ ውስጥ አስተኝቼ እግሩን ከፍ አደረግኩ፣ ልብሱን አላላሁ፣ አንገቱንና ብብቱን በውሃ አራስኩ፣ ውሃም በጥቂቱ አጠጣሁት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ተሻለው። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለ ወይም እያስመለሰ ውሃ መያዝ ካቃተው ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ሰውዬው የት እንዳለ ከጠፋው፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። «ላቡ እየወጣ ስለሆነ ደህና ነው» ማለት እዚህ ላይ ያሳስታል፤ በስፖርት የሚመጣው አደገኛው ሙቀት ላብን ሁልጊዜ አያቆምም። አምቡላንስ መጥራት፣ እስኪደርስም ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር ወይም ሳያቋርጡ ማፍሰስ ነው። በአፉ ምንም አትስጡት።