ጥያቄን ለትንሹ ወይስ ለትልቁ ሞዴል? ክላሲፋየር ማሠልጠንና ስህተቱን መለካት

የደንበኞችን ጥያቄ የሚመልሱ ርካሽ ትንሽ የቋንቋ ሞዴልና ውድ ትልቅ ሞዴል አብረው ሲሠሩ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ክላሲፋየር ከፊታቸው ይቀመጣል። ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ሰዎች ቁጭ ብለው ጥያቄዎቹን «ቀላል» እና «ከባድ» እያሉ በግምት ይለያሉ፤ ለሰው የከበደው ግን ለሞዴሉ ላይከብድ ይችላል፣ ሰው ቀላል ያለውን ደግሞ ሞዴሉ ሊስት ይችላል። ክላሲፋየሩ ሊማር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ጥያቄ ትንሹ ስቶ ትልቁ በትክክል ይመልሰዋል ወይ?

መለያውን ከሞዴሎቹ መልስ ማግኘት

ደንበኞች ከጠየቁት እውነተኛ ጥያቄ ውስጥ 4,000 ያህል በዕጣ ይምረጡ፤ ስምና ስልክ ቁጥር ያጥፉ። ሁሉንም ለሁለቱም ሞዴሎች ይስጡና መልሶቹን «ትክክል» ወይም «ስህተት» ብለው ያርሙ። የማረሚያው መስፈርት አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፤ አራሚውም መልሱ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ አይወቅ። ትልቁን ሞዴል ራሱን አራሚ ማድረግ ወጪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ለራሱ መልስ ሊያዳላ ስለሚችል ቢያንስ 100 ጥያቄ ሰው እንዲያርመው አድርጉና ሁለቱን እርማቶች ያነጻጽሩ። ከመቶው ከአሥር በላይ ካልተስማሙ መስፈርቱ ግልጽ አይደለም ማለት ነው፤ እሱን ሳያስተካክሉ ወደፊት መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

የቆዩትን 3,000 ጥያቄዎች ለማሠልጠኛ፣ የቅርብ ጊዜዎቹን 1,000 ለመፈተኛ ይለዩ። የአንድ ሰው ተከታታይ ጥያቄዎች በሁለቱም ክፍል ከተበተኑ ክላሲፋየሩ ያየውን ደግሞ ስለሚያገኘው ውጤቱ ያለአግባብ ያምራል። መፈተኛው ለምሳሌ እንዲህ ይወጣል እንበል፦

| | ትልቁ ትክክል | ትልቁ ስህተት |
|---|---|---|
| ትንሹ ትክክል | 620 | 30 |
| ትንሹ ስህተት | 230 | 120 |

ለትልቁ መሄድ የሚገባቸው 230ዎቹ ብቻ ናቸው፤ መለያቸው 1 ነው። ሁለቱም የሳቱት 120 «ከባድ» ቢሆኑም ለትልቁ መላክ ገንዘብ ከማባከን ሌላ ፋይዳ የለውም፤ ስለዚህ መለያቸው 0 ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ትንሹ የሳተውን ሁሉ 1 ይሉታል፣ ክላሲፋየሩም ማንም ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ወደ ውዱ ሞዴል መላክ ይማራል።

ማሠልጠንና መቁረጫውን መወሰን

ለመጀመሪያው ሙከራ የጥያቄው ኢምቤዲንግ፣ ማለትም ትርጉሙን የሚወክሉ ቁጥሮች፣ እና ከእነሱ ዕድል የሚያሰላው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይበቃሉ። የ230ዎቹ ዓይነት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው ብለው፣ ለጥቂቶቹ የበለጠ ክብደት የሚሰጠውን `class_weight="balanced"` አይጨምሩ፤ የሚወጣው ቁጥር እውነተኛ ዕድል መሆኑ ይቀራል፣ ቀጥሎ ያለው ስሌትም ይፈርሳል።

```python
from sklearn.linear_model import LogisticRegression

clf = LogisticRegression(max_iter=1000)
clf.fit(X_train, y_train)
p = clf.predict_proba(X_test)[:, 1]
to_large = p > 0.35
missed = (~to_large & (y_test == 1)).sum()
wasted = (to_large & (y_test == 0)).sum()
```

ዕድሉ ከ0.35 ሲበልጥ ጥያቄው ለትልቁ ይሄዳል፤ ይህ መቁረጫ ከወጪ የመጣ ነው። ትንሹ ለአንድ ጥያቄ 1፣ ትልቁ 15 አሃድ ቢያስከፍል ልዩነቱ 14 ነው። አንድ የተሳሳተ መልስ የሚያስከትለው ጉዳት፣ ማለትም ሰው ተመልሶ የሚያርምበት ጊዜና የሚመጣው ቅሬታ፣ 40 አሃድ ያህል ከሆነ መቁረጫው 14 ለ40 ሲካፈል ነው። የጉዳቱን ዋጋ የሚያውቀው የአገልግሎቱ ኃላፊ ስለሆነ ቁጥሩን ከእሱ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ስሌቱ የሚሠራው ዕድሉ ከታመነ ነውና፣ በ0.3 እና በ0.4 መካከል ያረፉትን ጥያቄዎች ለይተው ይቁጠሩ፤ ከመቶው 35 ያህሉ በእርግጥ ትልቁን የሚሹ መሆን አለባቸው።

ሁለቱን ስህተቶች ለየብቻ መቁጠር

ያለቦታው የሄደ ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። ለትንሹ ተልኮ የተሳተ፣ ትልቁ ግን ይመልሰው የነበረ፣ «ያመለጠ» እንበለው። ሳያስፈልግ ለትልቁ የተላከው ደግሞ «የባከነ» ነው። አንደኛው ደንበኛን ይጎዳል፣ ሌላው ኪስን። ደምሮ አንድ የስህተት መጠን ማውጣት ሁለቱንም ይደብቃል።

ክላሲፋየሩ ከ1,000ው 400ውን ለትልቁ ላከ እንበል። ከ400ው ውስጥ 190ው ከሚገባቸው 230ዎቹ ናቸው፤ 40 አመለጡ። የቀሩት 210 ባከኑ፦ 130ው ሁለቱም የሚመልሷቸው፣ 70ው ሁለቱም የሚስቷቸው፣ 10ሩ ደግሞ ትንሹ ብቻ ያውቃቸው የነበሩ። ትክክለኛ መልስ 620 ሲደመር 190 ሲደመር 20፣ ማለትም 830 ሆነ። ወጪው 6,600 አሃድ ነው፤ ሁሉም ለትልቁ ቢሄድ 15,000 ወጥቶ 850 ትክክል ይገኝ ነበር።

ይህ ጥሩ ነው? ለማወቅ በዕጣ ከመላክ ጋር ያወዳድሩት። 400 ጥያቄ ያለ ምንም ክላሲፋየር በዘፈቀደ ለትልቁ ቢላክ 730 ያህል ትክክል ይገኛል። ስለዚህ የክላሲፋየሩ እውነተኛ ድርሻ 100 መልስ ነው። ከዕጣው ብዙም የማይሻል ክላሲፋየር፣ የቀነሰው ወጪ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ምንም አልተማረም።

ከዚያ 40ዎቹን ያመለጡ አንድ በአንድ ያንብቡ። ተደጋግሞ የሚገኘው ነገር ርዝመት ነው። «ለምን ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ?» አጭር ናት፤ ለመመለስ ግን የክፍያውን ታሪክና ደንቡን ማገናዘብ ይጠይቃል። ባለሦስት ገጽ ደብዳቤ ለጥፎ «አሳጥርልኝ» የሚለው ረጅም ቢሆንም ትንሹ ይወጣዋል። ክላሲፋየሩ ርዝመትን የክብደት ምልክት አድርጎ ከያዘ የመጀመሪያዋ ታመልጣለች፣ ሁለተኛው ይባክናል። መድኃኒቱ እንዲህ ያሉ አጫጭር ጥያቄዎችን ፈልጎ፣ ሁለቱንም ሞዴሎች አስመልሶ ማሠልጠኛው ላይ መጨመር ነው። የጨመሩት በበዛ ቁጥር ግን የ1 መለያ ድርሻ ከእውነተኛው ስለሚያልፍ የዕድሉን ቆጠራ እንደገና ይሥሩ።

ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ

አገልግሎቱ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚታየው የአንዱ ሞዴል መልስ ብቻ ነው፤ ሌላው ምን ይል እንደነበር አይታወቅም። በቅሬታ ብዛት መተማመን አያዋጣም፤ በልበ ሙሉነት የተነገረውን የተሳሳተ መልስ አምኖ የሄደ ሰው አያማርርም። ስለዚህ ከሁሉም ጥያቄ 2 በመቶውን በዕጣ ለሁለቱም ይላኩ፤ ለደንበኛው የሚደርሰው ክላሲፋየሩ የመረጠው መልስ ይሁን፣ ሌላው ለመለኪያ ብቻ ይቀመጥና ይታረም።

በቀን 10,000 ጥያቄ ከመጣ ናሙናው 200 ነው፤ ከዚያ 120 ያህሉ ለትንሹ የሄዱ ይሆናሉ። እውነተኛው ያመለጠ መጠን ከ600 ላይ 40፣ ማለትም 6.7 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ የአንድ ቀን ቁጥር በዕድል ብቻ ከ2 እስከ 11 በመቶ ሊዋዥቅ ይችላል። የሳምንት ድምር ግን ከ5 እስከ 8.4 አካባቢ ይቆያል። በየቀኑ መቁረጫውን የሚነካካ ሰው የሚያሳድደው ጥላ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ በየርዕሱ ከፋፍለው ይመልከቱ።

ከሁለቱ ሞዴሎች አንዱ በአዲስ ስሪት ሲተካ የድሮዎቹ መለያዎች አይሠሩም፤ የተሰበሰቡት ከቀድሞዎቹ ጥንድ ነው። የመፈተኛውን 1,000 ለአዲሱ ጥንድ እንደገና ይስጡና ሰንጠረዡን ይሙሉ። 230 የነበረው ወደ 60 ከወረደ፣ ክላሲፋየሩን ከማሠልጠን በፊት ሁሉንም ለትንሹ መላክ ያዋጣ እንደሆነ ያስሉ።